ጊዜው ያለፈ ሰርተፊኬትና «አቻ» የሚባለው፦ የሥራ ማስታወቂያን መስፈርት ስለ መመዘን



በዋሽንግተን፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ከሚኖሩ ወገኖቻችን መካከል የኮምፒውተር ሙያ የተማሩ ብዙ ናቸው። ከነዚህ ውስጥ ለአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር በውል የሚሠሩ ኩባንያዎች የሚያወጡትን ማስታወቂያ ያነበበ ሁሉ አንድ መስመር በቃሉ ያውቃል። «አክቲቭ ሴኩሪቲ ፕላስ ሲኢ ወይም አቻ የሆነ የአይኤቲ ደረጃ ሁለት ሰርተፊኬት ያስፈልጋል» ይላል። ከዚያ በኋላ ስልክ መደዋወል ይጀመራል። «የእኔ ባለፈው ሚያዝያ አልፎበታል፤ ልሞክር ወይስ ልተወው?» ይላል አንዱ። ሌላዋ ደግሞ «እኔ ያለኝ የሲስኮ ነው፤ እሱ አይበልጥም እንዴ?» ትላለች። ዛሬ የምናገረው ስለነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ነው። የምጠቅሳቸው ቀኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አብዛኞቻችን ጥያቄውን የምንመልሰው ስለ እውቀት በማሰብ ነው። «ፈተናውን አንዴ አልፌዋለሁ፤ ሥራውን በየቀኑ እሠራዋለሁ፤ ታዲያ ቀኑ ቢያልፍ ምን ይጎድለኛል?» እንላለን። ስለ እውቀት ከሆነ ክርክሩ ትክክል ነው። መንጃ ፈቃዱ ያለፈበት ሰውም መንዳት አልረሳም፤ ያስቆመው ፖሊስ ግን የሚያየው ቀኑን ነው። ስለዚህ መጀመሪያ መመለስ ያለበት ጥያቄ መስፈርቱን ማን ጻፈው፣ ለምንስ ጻፈው የሚለው ነው።

እዚህ መስመር ላይ መስፈርቱን የጻፈው ቀጣሪው ኩባንያ አይደለም። ኩባንያው ከመንግሥት የተቀበለውን ነው የሚያስተላልፈው። መከላከያ ሚኒስቴሩ በ2005 ዓ.ም. 8570 በሚል ቁጥር የሚታወቅ መመሪያ አወጣ። መመሪያው በኮምፒውተር ሥርዓቶቹ ላይ የደኅንነት ሥራ የሚሠሩትን በደረጃ ከፈላቸው፤ ለእያንዳንዱ ደረጃ ተቀባይነት ያላቸውን ሰርተፊኬቶችም በሠንጠረዥ ዘረዘረ። አይኤቲ የሚባለው የቴክኒክ ሠራተኞች ዘርፍ ነው፤ ሦስት ደረጃዎች አሉት። በ2023 የካቲት ደግሞ ይህን የሚተካ 8140 የተባለ አዲስ መመሪያ ወጣ። ወደ እሱ በኋላ እመለሳለሁ። ማስታወቂያዎቹ ላይ ግን አሁንም የአሮጌው ቋንቋ በብዛት ይታያል፤ ብዙ ውሎች የተጻፉት በዚያ ቋንቋ ነውና።

በውሉ ውስጥ ደግሞ ኩባንያውን የሚያስር አንቀጽ አለ። በመከላከያ ግዢ ደንብ መሠረት የኮንትራክተሩ ሠራተኛ ተገቢና ወቅታዊ ሰርተፊኬት ሊኖረው ይገባል። ከሌለው የደኅንነት ሥራ ለመሥራት ወደ ሚኒስቴሩ ሥርዓት መግባት ይከለከላል። ሥርዓቱ ውስጥ ካልገባ ሥራውን ሊሠራ አይችልም፤ ካልሠራ ደግሞ ኩባንያው ለሰዓቱ መንግሥትን ሊያስከፍል አይችልም። እንግዲህ ቀጣሪው «አክቲቭ» በሚለው ቃል ላይ የሚደርቀው ለዚህ ነው። እናንተን ስለ ናቀ አይደለም፤ በእጁ ያልሆነ ነገር ስለሆነ ነው። የሚያነጋግራችሁ ሪክሩተር «ችሎታህን ወድጄዋለሁ፣ ግን…» ካላችሁ፣ ከዚያ «ግን» በኋላ ያለውን መቀየር አብዛኛውን ጊዜ አይችልም።

አሁን ወደ ሰርተፊኬቱ ቀን እንምጣ። ኮምፕቲያ የተባለው ድርጅት የሚሰጠው ሴኩሪቲ ፕላስ ሦስት ዓመት ይቆያል። በሦስቱ ዓመት ውስጥ 50 የተከታታይ ትምህርት ነጥብ በመሰብሰብና የዓመት ክፍያ በመክፈል ይታደሳል። ወይም በሥራ ላይ ያለውን አዲሱን ፈተና በማለፍ፣ አለዚያም ከዚያ ከፍ ያለ የዚያኑ ድርጅት ሰርተፊኬት በማግኘት ይታደሳል። ዋናው ነገር የትኛውም መንገድ ቀኑ ሳያልፍ መጠናቀቅ ያለበት መሆኑ ነው። ካለፈ በኋላ ነጥብ መሰብሰብ ቢጀምሩ የሞተውን አያስነሳም፤ ፈተናው እንደገና ይወሰዳል፤ ዋጋውም ከ400 ዶላር በላይ ነው።

እዚህ ላይ በጣም የሚደጋገም ግራ መጋባት አለ። የፈተናው ቅጂ መቋረጥና የሰርተፊኬቱ ቀን ማለፍ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ኮምፕቲያ ፈተናውን በየጥቂት ዓመቱ ያድሳል፤ ለምሳሌ SY0-601 የሚባለው በ2024 አጋማሽ ቀርቶ SY0-701 ብቻ ቀጥሏል። ይህን የሰማ ሰው «የእኔ በአሮጌው ነው፤ ሰርተፊኬቴ ወድቋል» ብሎ ማመልከቻውን ይተዋል። አልወደቀም። የተቋረጠው ለአዲስ ተፈታኝ የሚቀርበው ፈተና ነው። በአሮጌው ቅጂ ያለፈ ሰው ሦስት ዓመቱ እስኪያልቅ ድረስ ሙሉ ባለ ሰርተፊኬት ነው፤ ማስታወቂያው የቅጂ ቁጥር ካልጠየቀ በቀር ማንም ሊያሳንሰው አይችልም። ስም ሲለወጥም እንደዚሁ ነው። ካስፕ ፕላስ ይባል የነበረው የዚያው ድርጅት ከፍተኛ ሰርተፊኬት በ2024 መጨረሻ ሴኩሪቲ ኤክስ ተብሏል። በአሮጌው ስም የያዘው ሰው ማስታወቂያው ላይ አዲሱን ስም ቢያይ መደንገጥ የለበትም፤ በማመልከቻው ላይ ሁለቱንም ስም ጎን ለጎን መጻፍ ግን ይበጀዋል። የመጀመሪያውን ማጣሪያ የሚሠራው ሰው የስሙን ለውጥ ላያውቅ ይችላልና።

የዚህ ተቃራኒም አለ፤ እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ እሱ ነው። ከ2011 ጥር በፊት ሴኩሪቲ ፕላስን ያለፈ ሰው የተሰጠው ሰርተፊኬት የዕድሜ ልክ ነው። ቀን የለውም፤ አያልፍበትም። እንዲህ ያለ ወረቀት የያዘ ሰው ከሁሉ በላይ የተማመነ ነው፤ «የእኔ አይሞትም» ይላል። ነገር ግን የሚኒስቴሩ ሠንጠረዥ የሚለው ሴኩሪቲ ፕላስ ሲኢ ነው። ሲኢ ማለት በተከታታይ ትምህርት የሚታደስ ማለት ነው። የዕድሜ ልኩ ሰርተፊኬት ሲኢ ስለሌለው፣ ሳያልፍበትም መስፈርቱን አያሟላም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ መመሪያው የሚቀበላቸው ሰርተፊኬቶች ሰዎችን ለሚመዝኑ ድርጅቶች የወጣውን ዓለም አቀፍ ደረጃ የሚያሟሉ እንዲሆኑ ይጠይቃል፤ ያ ደረጃ ደግሞ በየጊዜው ዳግም ማረጋገጥን ያካትታል። ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት ስለ ኔትወርክ ጥቃት የተማረ ሰው ዛሬም ያንኑ ያህል ያውቃል ብሎ የሚፈርም የለም። ስለዚህ «አላለፈበትም» ማለት ብቻውን መልስ አይደለም።

ሁለተኛው ጥያቄ «አቻ» የሚለው ነው። ይህ ቃል ማስታወቂያ ላይ ሲታይ ለድርድር በር የተከፈተ ይመስላል። እኔ እንደማየው ግን በዚህ ዓይነት ሥራ ላይ «አቻ» ማለት በሠንጠረዡ በዚያው ረድፍ የተጻፈ ማለት ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም። የእኔ ፈተና ከባድ ነበር፣ የእኔ ዋጋው ይበልጣል፣ የእኔን የሚያውቀው ብዙ ነው የሚለው ሁሉ ወደ ሚዛኑ አይገባም። በ8570 ሠንጠረዥ የአይኤቲ ደረጃ ሁለት ረድፍ ላይ ከሴኩሪቲ ፕላስ ሲኢ ጋር ለምሳሌ ሳይሳ ፕላስ፣ ኤስኤስሲፒ እና ጂሴክ ይገኛሉ። ደረጃ ሦስት ላይ ያለ የቴክኒክ ሰርተፊኬት ደግሞ ለደረጃ ሁለትም ያገለግላል፤ ሲአይኤስኤስፒ ያለው ሰው ሴኩሪቲ ፕላስ የለህም ተብሎ አይመለስም።

ከሲአይኤስኤስፒ ጋር የሚሄድ አንድ ስስ ጉዳይ አለ። ፈተናውን አልፎ የሚጠየቀውን የአምስት ዓመት ልምድ ያልሞላ ሰው «የአይኤስሲ ሁለት አሶሺየት» ይባላል። የሚኒስቴሩ ሠንጠረዥ «ሲአይኤስኤስፒ ወይም አሶሺየት» ስለሚል በዚያ ረድፍ ሁለቱ እኩል ናቸው። አንድ የግል ባንክ «ሲአይኤስኤስፒ ያለው» ብሎ ማስታወቂያ ቢያወጣ ግን አሶሺየቱ አያሟላም፤ ማዕረጉን በስሙ ላይ መጻፍም በሰርተፊኬት ሰጪው ድርጅት ደንብ አይፈቀድለትም። አንድ ሰው፣ አንድ ፈተና፣ በአንዱ ቦታ አቻ፣ በሌላው አይደለም። ልዩነቱ የመጣው ከሰውየው ሳይሆን መስፈርቱን ከጻፈው ነው።

ይህን በሁለት ሰዎች ላይ እንየው። ለምሳሌ እንዲሆኑ ያሰብኳቸው ናቸው እንጂ የማንም ታሪክ አይደለም። ቀኑ 2025 ጥቅምት ነው፤ ማስታወቂያው በመግቢያዬ የጠቀስኩት ነው፤ ሥራው በኮንትራክተር በኩል ነው እንበል።

የመጀመሪያዋ እህት ሴኩሪቲ ፕላስን ያለፈችው በ2021 ሰኔ ነው፤ SY0-501 በሚባለው ቅጂ። እቤቷ ያለው ወረቀት እስከ 2024 ሰኔ ይላል። በዚህ መካከል፣ በ2023 መጋቢት፣ ሳይሳ ፕላስን ወስዳ አልፋለች። ማስታወቂያውን ስታይ ወረቀቱን አወጣችና «ዓመት ከአራት ወር አልፎታል» ብላ ተወችው። መመዘን ያለባት ግን እንዲህ ነበር። ሳይሳ ፕላስ ከሴኩሪቲ ፕላስ ከፍ ያለ የዚያው ድርጅት ሰርተፊኬት ነው፤ ያገኘችውም የታችኛው ቀን ሳያልፍ ነው። ስለዚህ የታችኛውን አድሶላታል። የታተመው ወረቀት ይህን ሊያውቅ አይችልም፤ የታተመው በ2021 ነው። የሚያውቀው በድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ ያለው የራሷ መዝገብ ነው፤ ቀጣሪውም የሚያረጋግጠው በዚያ በኩል በሚገኝ የማረጋገጫ ቁጥር ነው። ከዚህም ሌላ፣ ሴኩሪቲ ፕላሱ ባይታደስላት እንኳ፣ እስከ 2026 መጋቢት የሚቆየው ሳይሳ ፕላስ ራሱ በደረጃ ሁለት ረድፍ ላይ ተጽፏል። ማስታወቂያው ደግሞ «ወይም አቻ» ብሏል። እህታችን መስፈርቱን በሁለት መንገድ ታሟላለች። አንድ ሥጋት ብቻ አላት፤ መጋቢት ሩቅ አይደለም። ቅጥሩ እስኪጠናቀቅና ሥራ እስክትጀምር ወራት ከፈጀ፣ የሚቆጠረው ማመልከቻ የላከችበት ቀን ሳይሆን ሥራ የምትጀምርበት ቀን ነው። አሁኑኑ ነጥቧን መሰብሰብ አለባት።

ሁለተኛው ወንድም የበለጠ ልምድ ያለው ነው። አዲስ አበባ ባንክ ውስጥ ኔትወርክ አስተዳድሯል፤ እዚህም ስድስት ዓመት ሠርቷል። ሴኩሪቲ ፕላሱ በ2025 ሚያዝያ አልፎበታል። በ2024 ግን የሲስኮን ሲሲኤንኤ ወስዷል፤ እስከ 2027 ይቆያል። ወዳጆቹ «ሠንጠረዡ ላይ ሲሲኤንኤ አለ፤ አይቼዋለሁ» ብለው ነግረውታል። ያዩት እውነት ነው፤ ግን ያዩት ሲሲኤንኤ ሴኩሪቲ የሚባለውን ነው። እሱ ሌላ ሰርተፊኬት ነበር፤ ሲስኮ በ2020 የካቲት አቁሞታል። ወንድማችን የያዘው የኔትወርኩ ሲሲኤንኤ በዚያ ሠንጠረዥ ላይ አልነበረም። ስሞቹ በአንድ ቃል ብቻ ስለሚለያዩ ሪክሩተሮችም ሳይቀሩ ይሳሳቱበታል፤ ሪክሩተር «ይሆናል» ብሎ ያሳለፈው ሰው በኋላ ሰነድ ሲመረመር ይመለሳል። የባንክ ልምዱስ? ማስታወቂያው በሌላ መስመር «ዲግሪ ወይም አቻ የሥራ ልምድ» ካለ በዚያ መስመር ላይ ሙሉ ዋጋ አለው። ልምድ ግን ለዲግሪ አቻ ተባለ ማለት ለሰርተፊኬትም አቻ ነው ማለት አይደለም። ሁለቱን መስመሮች የሚያገናኝ ነገር የለም።

እንግዲህ ይህ ወንድም ዛሬ አያሟላም። በሩ ግን ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም። ማስታወቂያው «በሥራ መጀመሪያ ቀን» ይላል ወይስ «ለማመልከት»? መመሪያው ለኮንትራክተር የሚጠይቀው በውሉ ሥራ ሲጀምር ነው። ፈተናውን በሦስት ሳምንት ውስጥ የሚወስድ ሰው ሥራው በሁለት ወር የሚጀምር ከሆነ ሊደርስ ይችላል፤ ይህን የሚወስነው ግን ኩባንያው ነው፤ ብዙ ኩባንያ ይህን አደጋ አይወስድም። ሌላው መንገድ የመንግሥት የራሱ ቅጥር ነው። የሚኒስቴሩ ሲቪል ሠራተኛ በ8570 ጊዜ ከተመደበ በኋላ ስድስት ወር ይሰጠው ነበር፤ በ8140 ደግሞ ዘጠኝ ወር። በተመሳሳይ ሥራ ላይ፣ በተመሳሳይ ሕንፃ ውስጥ፣ ኮንትራክተሩ ከመጀመሪያው ቀን ይጠየቃል፤ የመንግሥቱ ሠራተኛ ጊዜ አለው። ያለፈበት ሰርተፊኬት የያዘ ሰው ዓይኑን መጣል ያለበት «ከተቀጠረ በኋላ በዚህን ያህል ወር ውስጥ ማግኘት የሚችል» የሚል ማስታወቂያ ላይ ነው። በነገራችን ላይ ዜግነትና ክሊራንስ የራሳቸው በር አላቸው፤ ሰርተፊኬት ያን በር አይከፍትም።

አሁን 8140ን ላንሳ። አዲሱ መመሪያ የሦስት ደረጃውን ሠንጠረዥ ትቶ እያንዳንዱን ሥራ በሙያ ሚና ይከፍላል። ትልቁ ለውጥ ለመሠረታዊ ብቃት ሰርተፊኬት ብቸኛው መንገድ አለመሆኑ ነው። ለሚናው ከተፈቀደ ተገቢ ዲግሪ ወይም የተዘረዘረ ሥልጠናም ይቆጠራል። ለዚህም ነው ከላይ ያለው ወንድም ሜሪላንድ ውስጥ ኤቢኢቲ የሚባለው አካል እውቅና በሰጠው ፕሮግራም የኮምፒውተር ሳይንስ ዲግሪ ቢኖረው ኖሮ ነገሩ ሌላ መልክ ሊይዝ የሚችለው። ከአገር ቤት የመጣ ዲግሪን እዚህ አስመዝነን «ከአሜሪካ ባችለር ጋር እኩል ነው» የሚል ወረቀት እናገኛለን፤ ለብዙ ሥራም ይጠቅማል። እዚህ ግን የሚጠየቀው እኩል መሆኑ ብቻ አይደለም፤ ፕሮግራሙ የተጠቀሰው እውቅና ያለው መሆኑ ነው። ስለዚህ የምዘና ወረቀቱ ብቻውን አያበቃም።

ለሳይበር ደኅንነት ሚናዎች አዲሱ መመሪያ ተፈጻሚ መሆን የነበረበት እስከ 2025 የካቲት 15 ነው። ይሁንና ማስታወቂያው 8570 ብሎ፣ ውሉም በ8570 ተጽፎ ከሆነ፣ «በአዲሱ ደንብ ዲግሪዬ ይበቃል» ብሎ መከራከር ለብቻው ቅጥር አያመጣም። መጠየቅ ነው ያለበት፤ «የሥራው ሚና የትኛው ነው? ብቃቱ የሚታየው በ8570 ነው ወይስ በ8140?» ተብሎ። ይህን የሁለት መስመር ጥያቄ በኢሜይል መላክ ነውር አይደለም። መልሱም በጽሑፍ ይሁን፤ በስልክ «ችግር የለም» ያላችሁ ሰው በቀጣዩ ወር ሥራ ቀይሮ ሊሆን ይችላል።

ስለ ማመልከቻው አጻጻፍ አንድ ነገር ልበልና ልጨርስ። የመስመር ላይ ቅጹ «አክቲቭ ሴኩሪቲ ፕላስ አለዎት?» ብሎ ከጠየቀ ያለፈበት ሰው መልሱ «የለኝም» ነው። «ባላሳድሰውም አልፌዋለሁ» የሚለው ማብራሪያ በሌላ ቦታ ይጻፋል እንጂ «አለኝ» ለማለት ምክንያት አይሆንም። ረዙሜ ላይ ደግሞ ያለፈበትን ደብቆ ስሙን ብቻ መጻፍ ክፉ ልማድ ነው፤ አንዳንድ ወዳጆቼ «ሁሉም ያደርገዋል» ይሉኛል፤ እኔ አልቀበለውም። ሰርተፊኬቱ በሰጪው ድርጅት መዝገብ መረጋገጡ አይቀርም፤ ያ ቀን ሲመጣ የሚጠፋው የሥራ ዕድሉ ብቻ አይደለም፤ ክሊራንስ ሲመረመር ታማኝነት ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው። በምትኩ «ሴኩሪቲ ፕላስ፣ እስከ 2025 ሚያዝያ የጸና፤ ዳግም ፈተና በ2025 ኅዳር ተይዟል» ብሎ መጻፍ ይቻላል። እንዲህ የጻፈን ሰው አንዳንዱ ኩባንያ ይመልሰዋል፤ ሌላው ኅዳርን ይጠብቃል።

እናም ሰርተፊኬት ያላችሁ ሁሉ፣ ወረቀቱን ሳይሆን በድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ ያለውን የራሳችሁን መዝገብ ከፍታችሁ የማብቂያ ቀኑን እዩ። ከስድስት ወር በታች ከቀረው ማመልከቻ ከመላካችሁ በፊት እድሳቱን ጀምሩ።